የተነሣ ኮተትና የተሰረዘ ኮተት

በቱክዊላ ቤት የሚያከራይ ሰው ዛሬ ሁለት መጥረጊያ አለው። አንዱ በእጁ የሚይዘው ነው፤ ሌላው በስልኩ ውስጥ ተቀምጧል። በመጀመሪያው ሻንጣው ከአልጋው ጎን ይነሣል፣ የልጆች መጫወቻ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፣ ከኋላ የነበረው ግድግዳም ይገለጣል። በሁለተኛው ጣት በሻንጣው ምስል ላይ ታልፋለች፤ ሻንጣው ይጠፋና በቦታው ንጹሕ ግድግዳና ንጹሕ ምንጣፍ ይታያል። በኪራይ ማስታወቂያ ላይ ሁለቱ ፎቶግራፎች መንታ ይመስላሉ። ብዙ አከራዮችም «ያው ነው፤ ኮተቱ የእኔ ነው እንጂ የቤቱ አይደለም» ብለው ያልፉታል።

ያው አይደለም። የመጀመሪያው ፎቶ ክፍሉን ያሳያል፤ ሁለተኛው ክፍሉን ይፈጥራል። ይህ ልዩነት ከጨዋነት ጥያቄ ያለፈ የዋጋ ጥያቄ ነው፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ደግሞ ከሌላ ግዛት ሆኖ ቤት የሚፈልገው፣ ቀድሞ መጥቶ ለማየት አቅም የሌለው ተከራይ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ማሳመር» በሚል ስም የተለመደው አሠራር ሊወገዝ ይገባል። ይህን ለማለት ግን ምን መነሣት እንዳለበትና ምን መታየት እንዳለበት በቅጡ መለየት ያስፈልጋል።

ማጥፊያው ከኋላ ያለውን አያውቅም

ጉግል ይህን መሰሉን ማጥፊያ በ2021 በፒክስል ስልኮቹ፣ አፕል ደግሞ በ2024 በአይፎን ላይ አቅርበዋል (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ዕቃን ከፎቶ ማጥፋት ባለሙያና ጊዜ ይጠይቅ ነበር፤ አሁን የማንም እጅ የሚችለው የጥቂት ሰከንድ ሥራ ሆኗል። አሠራሩ ግን አልተለወጠም። መሣሪያው የተመረጠውን ዕቃ ይቆርጣል፤ የቀረውንም ባዶ ቦታ ከዙሪያው ቀለምና መስመር ተነሥቶ ይሞላዋል። ከሻንጣው ግራና ቀኝ ነጭ ግድግዳ ካለ በመሐሉም ነጭ ግድግዳ ይሥላል። ከሻንጣው በስተኋላ ምን እንዳለ የማወቅ መንገድ የለውም፤ ካሜራው ራሱ አላየውምና።

በምዕራብ ዋሽንግተን ባሉ አሮጌ አፓርታማዎችና ምድር ቤቶች ከኮተቱ በስተኋላ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ባዶ ግድግዳ አይደለም። በግድግዳው ግርጌ የሚሄድ ረጅም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሊሆን ይችላል። በክረምት እርጥበት የተነሣ፣ አየር በማይዘዋወርበት ማዕዘን የበቀለ ሻጋታ ሊሆን ይችላል። የተሰነጠቀ የሶኬት ክዳን ወይም የውኃ ማሞቂያ በርሜል የቆመበት ትንሽ በር ሊሆንም ይችላል። ማጥፊያው እነዚህን ሁሉ በአንድ ነጭ ቀለም ይሸፍናቸዋል። አከራዩ ሊዋሽ ባያስብም ፎቶው ይዋሻል፤ ምክንያቱም ማንም ያላየውን ግድግዳ እንዳለ አድርጎ ይመሰክራል።

ዕቃውን በእጅ ያነሣ ሰው ግን ግድግዳውን አብሮ ያያል። ሻጋታ ካገኘ ወይ ያጸዳዋል፣ ወይ ያሳየዋል፣ ወይም እያወቀ ይደብቀዋል። በሦስቱም መንገድ ኃላፊነቱ ከእርሱ ጋር ነው። የጣቱ ማጥፊያ ትልቁ ጉዳት ይህን የማየት ግዴታ ማንሣቱ ነው።

የሚሄደው ይነሣ፣ የሚቀረው ይታይ

በተቃራኒው በኩል የቆሙ አሉ። ሐቀኛ ፎቶ ማለት ክፍሉን እንዳለ ማንሣት ነው፣ ማጽዳትም ቢሆን ማስመሰል ነው ይላሉ። ይህም ስሕተት ነው። በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው የገዛ ኑሮው አለው። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ስምና አድራሻ የተጻፈበት ፖስታ፣ የልጆች ፎቶግራፍ፣ በምስማር የተሰቀለ መለዋወጫ ቁልፍ ለማያውቀው ሕዝብ የሚታዩ አይደሉም። ሥዕለ አድኅኖ ወይም የስግደት ምንጣፍም ቢሆን ከማስታወቂያ ፎቶ ውጭ መሆኑ ይመረጣል። በ1968 የወጣው የፌዴራል ፍትሐዊ የመኖሪያ ቤት ሕግ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር ተከራይን የሚመርጥ ማስታወቂያን ይከለክላል፤ አከራዩ ምንም ሳያስብ የተወው ዕቃ ለአንዱ «ና»፣ ለሌላው «አትምጣ» የሚል ሆኖ ሊነበብ ይችላል።

ስለዚህ መለያው ቀላል ነው፦ አሁን ካለው ነዋሪ ጋር የሚሄደው ይነሣ፤ አዲሱ ተከራይ ሲገባ የሚቀረው ይታይ። መሶቡ፣ ረከቦቱ፣ በአልጋ ሥር የተደረደሩት የአገር ቤት ሻንጣዎች ከባለቤታቸው ጋር ይሄዳሉ፤ ይነሡ። ማሞቂያው፣ ዝቅ ብሎ የሚያልፈው የአየር ቱቦ፣ በመስኮቱ ሥር የተላጠው ቀለም፣ በምንጣፉ ላይ የቀረው የብረት ምጣድ ቃጠሎ ይቀራሉ፤ ይታዩ።

በዚህ መለያ ላይ በዝምታ የሚታለፍ ሦስተኛ ዓይነት ዕቃ አለ፤ ክርክሩ ሁሉ የሚፈተነውም በእርሱ ነው። ይህም የአከራዩ የራሱ ሆኖ ተከራዩ ከገባም በኋላ እዚያው የሚቆይ ዕቃ ነው። ከላይ ራሳቸው እየኖሩ ምድር ቤቱን የሚያከራዩ የእኛ ሰዎች ይህን በሚገባ ያውቁታል። የጤፍ ዱቄቱና የሥጋው ፍሪዘር፣ የድግስ ብረት ድስቶች፣ ለአገር ቤት የሚላክ ልብስ የታጨቀባቸው ካርቶኖች ማደሪያቸው ምድር ቤቱ ነው። ቤቱ ሲከራይ «ጥግ ላይ ትንሽ ዕቃ አለችን» ይባላል። በፎቶው ላይ ግን ጥጉ ባዶ ነው።

የአንድ ክፍል ሒሳብ

አንድ ምሳሌ ይታሰብ። በቱክዊላ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ወርዱ 10 ጫማ፣ ርዝመቱ 11 ጫማ የሆነ መኝታ ክፍል አለ፤ 110 ካሬ ጫማ፣ ማለትም 10 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በአንደኛው ባለ 10 ጫማ ግድግዳ ላይ የባለቤቲቱ ፍሪዘርና መደርደሪያ ዳር እስከ ዳር ቆመዋል፤ ወደ ክፍሉ የሚገቡት 2 ጫማ ተኩል ነው። በፊት ለፊቱ ግድግዳ፣ ከመስኮቱ በታች፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ይሄዳል፤ እሳት እንዳይነሣ ከፊቱ አንድ ጫማ ያህል ከዕቃ ነጻ መሆን አለበት። ባለቤቲቱ ፎቶ አነሡ፤ ፍሪዘሩንና መደርደሪያውን በጣታቸው አጠፉ፤ ከማሞቂያው ፊት የተከመሩትን ካርቶኖች ሲያጠፉ ማሞቂያውም አብሮ ጠፋ። ከሥሩም «10 በ11» ብለው ጻፉ። ጽሑፉ እውነት ነው። ፎቶው ግን አይደለም።

አሁን ሒሳቡ ይሠራ። ፍሪዘሩና መደርደሪያው 25 ካሬ ጫማ ወሰዱ። ከማሞቂያው ፊት ያለው ስፍራ 10 ካሬ ጫማ ነው፤ ሰው ይራመድበታል እንጂ ዕቃ አይቀመጥበትም። ለዕቃ የቀረው 75 ካሬ ጫማ ብቻ ነው፤ ከታየው ቦታ አንድ ሦስተኛው ያህል ጎድሏል ማለት ነው። ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 7 ጫማ ተኩል በሆነው በዚህ ስፍራ ባልና ሚስት ከአንድ ሕፃን ጋር ሊያድሩ ነው። በአሜሪካ «ኩዊን» የሚባለው አልጋ ወርዱ 5 ጫማ፣ ርዝመቱ 6 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። አልጋው በክፍሉ ወርድ በኩል ቢዘረጋ ከግርጌው 3 ጫማ ከ4 ኢንች ይቀራል። የሕፃኑ አልጋ ወርድ 2 ጫማ ተኩል ቢሆንና ግርጌ ቢደረግ ለማለፊያ የሚተርፈው 10 ኢንች ነው። ወደ ጎን ቢዞር ደግሞ አልጋው 5፣ የሕፃኑ 2 ተኩል፣ ድምሩ 7 ጫማ ተኩል ይሆንና በመሐላቸው አንድ ኢንች እንኳ አይተርፍም። በፎቶው ላይ በነበረው ባዶ ክፍል ሁለቱም አልጋዎች ገብተው ሰው እንደ ልቡ ይዘዋወር ነበር።

ነገሩ በስፋቱ ብቻ አያበቃም። ፍሪዘሩ የባለቤቲቱ ነው፤ ስለዚህ ይከፈታል። ለመክፈት ወደ ተከራዮቹ መኝታ ክፍል መግባት ያስፈልጋል። የዋሽንግተን የመኖሪያ ቤት አከራይና ተከራይ ሕግ ደግሞ አከራይ ወደ ተከራይ ቤት ሲገባ፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር፣ በመርሕ ደረጃ የሁለት ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ዱቄት ለማውጣት የሁለት ቀን ማስታወቂያ የሚጽፍ ማን ነው? እንግዲህ ከፎቶው የተሰረዘው ፍሪዘር ብቻ አልነበረም፤ ባለቤቲቱ በየሳምንቱ የሚገቡበት በርም ተሰርዟል። ተከራዮቹ ይህን ቢያዩ ኖሮ ዋጋ ይደራደሩ፣ ዕቃው እንዲወጣ ይጠይቁ፣ ወይም ሌላ ቤት ይፈልጉ ነበር። ፎቶው ሦስቱንም ዕድል ነጠቃቸው።

በሐቅ የተሠራ ቢሆን ኖሮ ሥራው ከዚህ አይከብድም ነበር። የሚሄዱት ካርቶኖች በእጅ ይነሣሉ። ፍሪዘሩ ወይ ጋራዥ ይገባል፣ ወይ በፎቶው ውስጥ ይቆይና ከሥሩ «ይህ የባለቤት ነው፤ ይቆያል» ተብሎ ይጻፋል። አልጋው አይወጣም፤ ተመልካች ክፍሉን የሚለካው መጠኑን በሚያውቀው ዕቃ ነውና። ፎቶው ከበሩ ላይ ቆሞ በደረት ከፍታ፣ ቀጥሎም ከፊት ለፊቱ ማዕዘን፣ በስልኩ ዋና ሌንስ ይነሣል። ቁጥሩ 0.5 የሆነው ሰፊ ሌንስ ቅርቡን አግዝፎ ሩቁን ስለሚያርቅ 11 ጫማውን አዳራሽ ያስመስለዋል። የቁም ሣጥኑ በር ተከፍቶ አንድ ፎቶ ይጨመራል፤ የሚያልፈው የአየር ቱቦ ከወለሉ ያለው ከፍታም ይጻፋል። ብርሃንን ማስተካከልና የተጣመመን መስመር ማቅናት ነውር የለበትም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለን ነገር አይጨምሩም፣ አይቀንሱም።

ሌላም ስውር ማታለያ አለ፤ ማጥፊያ እንኳ አይፈልግም። ሳሎኑ ሲነሣ ኮተቱ መኝታ ቤት ይገባል፤ መኝታ ቤቱ ሲነሣ ወደ ሳሎን ይመለሳል። እያንዳንዱ ፎቶ ለብቻው እውነት ሲሆን ስብስቡ ግን ሐሰት ይሆናል። ዞሮ ዞሮ የሚመጣው ክምር የነዋሪው ከሆነ ጉዳት የለውም፤ ከእርሱ ጋር ይሄዳልና። የአከራዩ ከሆነ ግን የጠፋው ፍሪዘር በእግሩ እየሄደ ነው።

«መጥቶ ያያል» የሚለው መከራከሪያ

የዚህ አሠራር ጠበቆች አንድ ጠንካራ የሚመስል መልስ አላቸው፦ ፎቶ ማስታወቂያ ነው፤ ተከራዩ ሳይፈርም መጥቶ ያያል፤ ካልወደደው ይመለሳል፤ ታዲያ የተጎዳ ማን ነው? በአዲስ አበባ ይህ መልስ በከፊል ያስኬድ ነበር። እዚያ ተከራይ በደላላ እየተመራ ቤት ለቤት ይዞራል፤ ግድግዳውን ይዳስሳል፤ ውኃውን ከፍቶ ያያል። በቱክዊላ ደላላው ፎቶው ነው። ከኮለምበስ ወይም ከዴንቨር ሥራ አግኝቶ የሚመጣ ሰው ቤት የሚይዘው በቴሌግራም በተላከለት ምስል ነው። ያየው ሲደርስ ነው፤ ሲደርስ ደግሞ ከፍሏል።

በዚያው ከተማ ያለውም ቢሆን ለማየት ይከፍላል። የፈረቃ ሠራተኛ ለአንድ ቤት ግማሽ ቀን ደመወዙን ያጣል። የዋሽንግተን ሕግ አከራይ ለማጣሪያ ከእውነተኛው ወጪ በላይ እንዳያስከፍል ቢከለክልም፣ ያ ወጪ ራሱ በየማመልከቻው ይደጋገማል። ኢኮኖሚስቱ ፒተር ዳይመንድ በ1971 ያሳየው ነገር እዚህ ላይ ይሠራል፦ ፈላጊው ወደ ሚቀጥለው ሻጭ ለመሄድ ትንሽ እንኳ ወጪ ካለበት፣ እፊቱ ያለው ሻጭ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ሊይዘው ይችላል። የተሰረዘው ፎቶ የሚሠራው በዚሁ ስልት ነው። ተከራዩ በሐሰት ምስል ተስቦ በር ላይ ሲደርስ ብስጭት ይሰማዋል፤ ሆኖም ለሌላ ፍለጋ የሚከፍለውን አስቦ ይፈርማል። ፊርማው ፈቃደኝነቱን ያሳያል ማለት ግን አይቻልም፤ ያሳየው የፍለጋውን ውድነት ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ለተከራይ ግን እያደር መጥራቱ አይበቃውም፤ ንጋቱ ከዲፖዚቱ በኋላ ከሆነ ምን ይፈይድለታል?

ጉዳቱ ወደ ሐቀኛው አከራይም ይዞራል። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ይህን ነው። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የመካከለኛውን ዋጋ ይሰጣል፤ ጥሩውን የያዘም ተጎድቶ ከገበያው ይወጣል። ፎቶ ሁሉ የተሰረዘ ነው ተብሎ በሚታመንበት ገበያ፣ ክፍሉ በእውነት ባዶና ደረቅ የሆነለት አከራይ ይህን የሚያስረዳበት መንገድ ያጣል። ሐሰተኛውም ቢሆን ትርፉ ያን ያህል አይደለም። ኪራዩ በወር 1,500 ዶላር ቢሆን ባዶ የዋለ ቀን 50 ዶላር ያስከፍላል፤ ፎቶውን አምነው መጥተው አዝነው በተመለሱ ጎብኚዎች ያለፈ አንድ ሳምንት 350 ዶላር ነው። ፍሪዘሩን ወደ ጋራዥ ማዛወር ከዚህ ይረክሳል።

ሕጉ የሚደርስበትና የማይደርስበት

ሕግ የለም ማለት አይቻልም፤ ያለው ግን ዘግይቶ ይደርሳል። በዋሽንግተን አከራይ ዲፖዚት ለመቀበል የጽሑፍ ውልና የቤቱን ሁኔታ የሚዘረዝር ቅጽ ማቅረብ አለበት፤ ግድግዳው፣ ወለሉ፣ ምንጣፉ፣ መገልገያው በጽሑፍ ይመዘገባል። ቅጹ ጥሩ ነው፤ የሚሞላው ግን ተከራዩ ሲገባ እንጂ ሲመርጥ አይደለም። ስለ ሻጋታ የጤና ጉዳት መረጃ የመስጠት ግዴታም አለ፤ እርሱም ወረቀት ነው እንጂ የዚያን ማዕዘን ፎቶ አይደለም። የሸማቾች ጥበቃ ሕጉ አታላይ የንግድ ተግባርን በጠቅላላው ይከለክላል፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1985 «ስቴት እና ሽዋብ» በተባለው ጉዳይ የአከራይና ተከራይ ሕጉን መጣስ በዚያ ሕግ በኩል እንደማይስተናገድ በመወሰኑ በሩ ጠቧል። የአሜሪካ የሪልተሮች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ በአንቀጽ 12 ማስታወቂያ እውነተኛውን ምስል እንዲያሳይ ያዛል፤ የሚያስረው ግን አባላቱን ነው። ምድር ቤቱን የሚያከራይ ሰው አባል አይደለም።

ካሊፎርኒያ የተሻለ መንገድ ጀምራለች። ከጥር 2026 ጀምሮ የሚሠራው «ኤቢ 723» የተባለው ሕግ በቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ላይ ነገር የተጨመረበት፣ የተቀነሰበት ወይም የተለወጠበት ምስል መለወጡ እንዲነገርና ያልተነካው ዋና ምስል አብሮ እንዲገኝ ያስገድዳል። ብርሃንን፣ ቀለምን፣ ቅናትንና ቁርጥን የመሳሰሉ ተራ ማስተካከያዎችን ግን ነጻ ያደርጋል። መስመሩ የተሰመረው በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። የተመለከተው ግን ገዢን እንጂ ተከራይን አይደለም፤ ሚዛኑ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ቤት የሚገዛ ሰው ከፊርማው በፊት መርማሪ ይቀጥራል፣ ባንኩም ገማች ይልካል። ተከራይ ከፎቶው በቀር መርማሪ የለውም።

ዋሽንግተን ይህን ደንብ ለኪራይ ማስታወቂያ ብታውለው አዲስ ቢሮ አያስፈልጋትም። የተለወጠ ምስል ካለ ይነገር፤ ያልተለወጠው አብሮ ይውጣ፤ በማስታወቂያው የወጡት ዋና ምስሎችም ከቀናቸው ጋር ዲፖዚት ሲከፈል ከሚሞላው የሁኔታ ቅጽ ጋር ይያያዙ። ያኔ ማስታወቂያው ማስረጃ ይሆናል። በመግቢያው ቀን ፎቶው ላይ ያልነበረ ፍሪዘር ከተገኘ፣ ክርክሩ የቃል ለቃል መሆኑ ይቀራል። ማስረጃው አከራዩንም ይጠብቃል፤ በመውጫው ቀን ምንጣፉ ላይ የተገኘው ቃጠሎ ቀድሞ እንዳልነበረ የሚመሰክርለት ያው ፎቶ ነው።

«ይህ ትንንሽ ስደተኛ አከራዮችን ያስጨንቃል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ የታወቀ ነው። ደንቡ ግን አንድም ተጨማሪ ሥራ አይጠይቅም፤ አንድ ሥራ እንዲቀር ብቻ ይጠይቃል። ያልሰረዘ ሰው የሚያሳውቀው ነገር የለውም። ከዚህም በላይ ትንሹ አከራይና ትንሹ ተከራይ በቱክዊላ ብዙ ጊዜ የአንድ ማኅበረሰብ ሰዎች፣ አንዳንዴም የአንድ እድር አባላት ናቸው። በወገን ላይ የሚፈጸም ማሳሳት ከባዕዱ ይልቅ አቤት የማይባልበት በመሆኑ ጥበቃው ለእነርሱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሕጉ እስኪመጣ

ሕጉ እስኪወጣ ተከራዩ ዓይኑን ማሠልጠን ይችላል። ነገር የተሰረዘበት ፎቶ ብዙውን ጊዜ ዱካ ይተዋል። በግድግዳውና በወለሉ መጋጠሚያ የሚሄደው የእንጨት ጠርዝ በመሐል ይደበዝዛል ወይም ይሰበራል። የምንጣፉ ጉንጉን እንደ ማኅተም ይደጋገማል። ባለቤት የሌለው ጥላ ወለሉ ላይ ይቀራል፤ በመስተዋቱ ውስጥ ያለው ክፍልም ከፎቶው ክፍል ጋር አይመሳሰልም። እነዚህ ከታዩ፣ ባይታዩም እንኳ፣ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ከመግቢያው በር ጀምሮ ሳይቆረጥ እያንዳንዱን ማዕዘን የሚያሳይ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይላክ፤ በክፍሉ ውስጥ የሚቆይ የባለቤት ዕቃ ካለም በጽሑፍ ይገለጽ። ይህን የሚከለክል አከራይ መልሱን በእምቢታው ሰጥቷል።

ቪዲዮም ሁሉን አይናገርም። ከሲታክ አየር ማረፊያ የሚነሣውን አውሮፕላን ድምፅ፣ የአውራ ጎዳናውን ጉርምርምታ፣ የእርጥብ ምንጣፍ ሽታን የሚይዝ ሌንስ የለም። እነዚህን ባለማሳየቱ ፎቶን ማንም አይወቅሰውም፤ አቅሙ አይደለምና። የሚያስወቅሰው ማሳየት የሚችለውን፣ ፊቱ የቆመውንና ነገም የሚቆመውን፣ እንደሌለ አድርጎ ሲያቀርብ ነው። ኪራይ የሚከፈለው ለተሠራው ግድግዳ እንጂ ለተሣለው አይደለም።